የፎቶ ካርዱን ኬክ ለስልሳ ሰው

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር)

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አጭር ይመስላል። አንዲት ደንበኛ በስልክ የላከችልንን የኬክ አሠራር ካርድ ፎቶ አይተን፣ ለአሥራ ሁለት ሰው የተጻፈውን ለስልሳ ሰው እንዴት እናደርሰዋለን? መለኪያውስ የአሜሪካ ሆኖ ሳለ በእኛ ቤት ሚዛንና ማንኪያ እንዴት ይሠራል? የምነግራችሁ በዚህ ወር የተቀበልነውን የካሮት ኬክ ትእዛዝ ይዤ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ደንበኛችን ልጇ ይመረቅላታል። አሜሪካ የምትኖር አክስቷ በየዓመቱ የምትጋግረውን ኬክ ትወደዋለችና «ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ» ብላ የካርዱን ፎቶ ላከች። ካርዱ ከብዙ ዓመት በፊት በእጅ የተጻፈ ነው፤ ዘይት ነክቶታል፣ ጠርዙ ላይም የፎቶ አንሺዋ አውራ ጣት አርፏል። ዱቄቱ፣ ዘይቱና እንቁላሉ የሚገዛው ከማኅበራችን ሣጥን ነው። አንድ ትሪ ኬክ ከተበላሸ የትእዛዙ ትርፍ አብሮት ይሄዳል፣ የምረቃው ቀን ደግሞ አይጠብቀንም። ስለዚህ ሂሳቡን ምጣድ ፊት ቆመን ሳይሆን ቀደም ብለን በወረቀት ላይ መጨረስ አለብን።

መጀመሪያ ካርዱን ማንበብ ነው። የካርድ ፎቶ ሲመጣላችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው የካርዱ ጀርባ ነው። እነዚህ ካርዶች ትናንሽ ስለሆኑ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ወደ ጀርባው ይሻገራል፣ ላኪዋ ግን ፊቱን ብቻ ታነሣለች። የመጋገሪያው ሰዓት ወይም የትሪው ስፋት ፊቱ ላይ ካጣችሁት ጀርባው ላይ ነው ማለት ነው፤ አስልኩት። የእኛ ካርድ ጀርባ ላይ የሚቀባው ክሬም ተጽፎ ነበር። ደንበኛችን ክሬሙን ስላልፈለገችው ትተነዋል።

ሁለተኛው የማንኪያው ምልክት ነው። አሜሪካኖች በካርድ ላይ ሲያሳጥሩ የሾርባ ማንኪያን በትልቁ «ቲ» ፊደል፣ የሻይ ማንኪያን በትንሹ «ቲ» ይጽፋሉ። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አንዱን በሌላው ካነበባችሁት ሦስት እጥፍ ትስታላችሁ ማለት ነው። በስኳር ላይ ቢሆን ያን ያህል አይጎዳ ይሆናል፤ በቤኪንግ ሶዳ ላይ ከሆነ ግን ኬኩ ሳሙና ሳሙና ይላል። የእኛ ካርድ ለሁለት ኩባያ ዱቄት 2 «ቲ» ሶዳ ይላል። ፊደሉ በእጅ ሲጻፍ ትልቅም ትንሽም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለሁለት ኩባያ ዱቄት ሁለት የሻይ ማንኪያ ሶዳ ራሱ ብዙ ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የሻይ ማንኪያ ነው።

ሦስተኛው ከቁጥር ጎን የሚጻፈው ክፍልፋይ ነው። ካርዱ ላይ ዘይቱ ½ ኩባያ ይመስላል፤ ከፊቱ ግን ያ አውራ ጣት አርፏል። ጣቱ ሥር 1 ቁጥር ካለ 1½ ኩባያ ነው፣ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን መገመት አያዋጣም። ካርዱ ወዳለበት ቤት ደውሎ ማስነበብ ወይም ሌላ ፎቶ ማስነሣት ይሻላል። ጠይቀን 1½ ሆኖ አገኘነው። የካሮት ኬክ ወተትም ቅቤም ስለማይገባበት ልስላሴውን የሚያገኘው ከዘይቱና ከካሮቱ ነው፤ ያኛው መጠን ትክክል መሆኑን ይህም ያመለክታል።

እንግዲህ የተጣራው ካርድ እንዲህ ይላል፦ ዱቄት 2 ኩባያ፣ ስኳር 2 ኩባያ፣ ዘይት 1½ ኩባያ፣ የተፈቀፈቀ ካሮት 3 ኩባያ፣ እንቁላል 4፣ ሶዳና ቀረፋ 2 2 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ። ትሪው 9 በ13 ኢንች፣ ሙቀቱ 350 ፋራናይት፣ ሰዓቱ 45 ደቂቃ። ለአሥራ ሁለት ሰው።

ቀጥሎ ማባዛት ይመስላችኋል። አይደለም። መጀመሪያ በካርዱ ልክ እንዳለ ወደ ግራም እንቀይረዋለን። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የአሜሪካ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። የእኛ የቡና ስኒ አይደለም፣ የውኃ ብርጭቆም አይደለም። ብርጭቆ ከቤት ቤት ይለያያል። «ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ ከለካሁት ምን ቸገረኝ?» የምትል እህት ትኖራለች። ለዱቄት፣ ለስኳርና ለዘይት እውነቷን ነው፣ እርስ በርሳቸው አይዛነፉም። እንቁላል ግን በብርጭቆ አይለካም፣ ይቆጠራል። ሶዳውም በማንኪያ ነው። ብርጭቆዋ 300 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ዱቄቱ በሩብ ይጨምራል፣ እንቁላሉና ሶዳው ግን ባሉበት ይቀራሉ። ኬኩ ደርቆና ጠጥሮ ይወጣል፣ ምክንያቱንም አታገኘውም።

ዱቄት ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ነክራችሁ ብትዝቁት ይታመቅና እስከ 150 ግራም ይይዛል። በማንኪያ እያነሣችሁ ብትሞሉትና አፉን በቢላ ጀርባ ብትጠርጉት 125 ግራም ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ በአንድ ኩባያ 25 ግራም ነው። ለስልሳ ሰው ስናበዛው አምስት ኩባያ ስለሚሆን 125 ግራም ይደርሳል፤ ሙሉ አንድ ኩባያ ዱቄት ማለት ነው። ከማባዛታችን በፊት ወደ ግራም የምንቀይረው ለዚህ ነው። ትንሿ ስሕተት አብራ ትባዛለችና።

የሚጠቅሟችሁ ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። አንድ የአሜሪካ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት 125 ግራም፣ ስኳር 200 ግራም፣ የተፈቀፈቀ ካሮት 110 ግራም ገደማ ነው፤ ዘይቱን በ240 ሚሊ ሊትር ያዙት። ስለዚህ ካርዳችን 250 ግራም ዱቄት፣ 400 ግራም ስኳር፣ 360 ሚሊ ሊትር ዘይትና 330 ግራም ካሮት ሆነ። ሚዛን የሌላችሁ የግማሽ ሊትሩን የውኃ ጠርሙስ ተጠቀሙ። ግማሹ 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከዚያ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ቀንሳችሁ ብርጭቋችሁ ውስጥ ገልብጡትና ውኃው የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ። ያ ምልክት የአሜሪካ ኩባያ ነው።

አሁን ወደ እንግዶቹ። «ለአሥራ ሁለት ሰው» የሚለውን ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። ትሪው በሴንቲ ሜትር 23 በ33 ነው፣ ስፋቱ 759 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለአሥራ ሁለት ሲቆረጥ አንዱ ቁራጭ በእያንዳንዱ ጎን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ከቡና ጋር ሌላ ነገር ሳይኖር ለብቻው የሚቀርብ ቁራጭ ነው። ምረቃ ላይ ግን እንግዳው ምሳ በልቶ፣ ድፎ ዳቦ ቀምሶ ነው ኬክ የሚደርሰው። ሃያ አራት ቦታ ብንቆርጠው 5½ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቁራጭ ይወጣል፣ ለእንዲህ ያለ ቀን በቂ ነው። ስልሳን ለአሥራ ሁለት ብናካፍል አምስት ካርድ ይመጣ ነበር። ስልሳን ለሃያ አራት ስናካፍል ግን ሁለት ካርድ ተኩል ነው። ግማሽ በግማሽ ልዩነት አለው። ከደንበኛ ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ ስለ ሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ ቁራጩ መጠንም ተነጋገሩ፤ በወረቀት ላይ ሠርታችሁ አሳዩአት። በኬኩ እንቁላል ስላለበት ጾመኛ እንግዳ ካለም ከቁጥሩ ይቀነሳል።

ቀጥሎ ትሪ ነው። 23 በ33 የሆነ ትሪ የለንም። ያሉን ሁለት ክብ ትሪዎች ናቸው፣ አፋቸው 35 ሴንቲ ሜትር። የክብን ስፋት ለማወቅ ግማሹን፣ ማለትም 17½ን፣ በራሱ እናባዛና በ3.14 እናባዛዋለን። 962 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ለካርዱ 759 ስናካፍል አንድ ተሩብ ገደማ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ትሪያችን አንድ ካርድ ከሩብ ይይዛል፣ ሁለቱ ትሪዎች ደግሞ የምንፈልገውን ሁለት ካርድ ተኩል ይይዛሉ። የሊጡ ከፍታ ከካርዱ ትሪ ጋር እኩል ስለሆነ የመጋገሪያው ሰዓትም ይቀራረባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ የ40 ሴንቲ ሜትሩ ግማሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚይዘው ሩቡን ነው። ምክንያቱም ክቡ በሁሉም አቅጣጫ ነው የሚሰፋው። ስለዚህ በዓይን አትገምቱ፣ በሜትር ለክታችሁ አባዙ። ትሪው ምድጃው ውስጥ ገብቶ በዙሪያው ሁለት ጣት ያህል ክፍት መተው እንዳለበትም አስቀድማችሁ በባዶው ሞክሩ፤ ሙቀቱ ካልዞረ ጠርዙ ያርራል፣ መሐሉ ሊጥ ይሆናል።

ሊጡን ለሁለቱ ትሪ በአንድ ጊዜ አታቡኩት፣ ምድጃው የሚወስደው አንድ ትሪ ብቻ ከሆነ። ሶዳ እርጥበት ካገኘ ጊዜ ጀምሮ መሥራት ይጀምራል። ሁለተኛው ሊጥ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ከጠበቀ አየሩ ያልቅበትና ሳይነፋ ይጋገራል። ስለዚህ ዱቄቱን፣ ሶዳውን፣ ቀረፋውንና ጨውን ለሁለቱም ትሪ በየሳህኑ ለይታችሁ አዘጋጁ፤ እርጥቡን የምትጨምሩት ግን ተራው ሲደርስ ነው።

ለአንድ ትሪ አንድ ካርድ ከሩብ ስናበዛ ዱቄቱ 310 ግራም፣ ስኳሩ 500 ግራም፣ ዘይቱ 450 ሚሊ ሊትር፣ ካሮቱ 410 ግራም ይሆናል። እንቁላሉ አምስት ነው፤ ግን የማን እንቁላል? የአሜሪካ ካርድ የሚያስበው ትልቁን እንቁላል ነው። ከቅርፊቱ ወጥቶ 50 ግራም ይመዝናል። የፈረንጅ የምንለው እንቁላል ወደዚያ ይጠጋል። የሐበሻው ግን ትንሽ ነው፤ ከቅርፊቱ ሲወጣ 35 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገን «አምስት እንቁላል» ሳይሆን 250 ግራም እንቁላል ነው። በሐበሻው ሰባት ያህል ይወስዳል። ሰብራችሁ በሳህን መዝኑት። ግማሽ እንቁላል ሲመጣባችሁም እንዲሁ ነው፣ መትታችሁ ግማሹን በሚዛን ትወስዳላችሁ።

እስካሁን ያደረግነው ካርዱን በታማኝነት ማሳደግ ነው። አንድ ነገር ግን ካርዱ አያውቅም፤ እኛ የት እንደምንኖር። አብዛኛው የአሜሪካ ካርድ የተሞከረው ከባሕር ወለል ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አየሩም ስስ ነው። አየሩ ስስ ሲሆን ከሶዳው የሚወጣው ጋዝ ኬኩን ቶሎና ከልክ በላይ ይነፋዋል። ሊጡ ሳይጠነክር ከፍ ይልና ይወድቃል። ውኃውም ቶሎ ስለሚተን ስኳሩ ይበዛበታል፤ ስኳር ሲበዛ ደግሞ ኬኩ ቶሎ አይጠነክርም። ካርዱን ቃል በቃል የሠራች ሴት «ምድጃዬ ነው፣ እጄ ነው» ስትል የምትሰሙት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ሶዳውን ሩብ ያህል ቀንሱ፤ 2½ የሻይ ማንኪያ የነበረው ሁለት ከሞላ ጎደል ይሁን። ስኳሩን በእያንዳንዱ ኩባያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፤ 500 የነበረው 440 ግራም ገደማ ይሆናል። 350 ፋራናይት ወደ እኛ ሲመለስ 177 ዲግሪ ነው፤ 32 ቀንሳችሁ በ5 አባዝታችሁ ለ9 ስታካፍሉ ታገኙታላችሁ። ለከፍታው አሥር ዲግሪ ያህል ጨምራችሁ 185 ወይም 190 ላይ አድርጉት፣ ኬኩ ከመውደቁ በፊት እንዲጠነክር። ወተት በሚገባበት ኬክ ፈሳሹንም በኩባያ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ እንጨምራለን። ካሮት ግን የራሱ ውኃ ስላለው እዚህ አያስፈልገውም። ድሬዳዋ ለሚኖሩ ዘመዶቻችሁ ይህን ብትልኩ ማስተካከያውን አሳንሱት፤ እሷ ከፍታዋ የእኛ ግማሽ ገደማ ነው።

ለሁሉም እንዲመች የአንዱን ትሪ ልክ እንደገና ላንብበው።

ፉርኖ ዱቄት 310 ግራም
ስኳር 440 ግራም
ዘይት 450 ሚሊ ሊትር
የተፈቀፈቀ ካሮት 410 ግራም
ከቅርፊቱ የወጣ እንቁላል 250 ግራም
ቤኪንግ ሶዳ ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሞላ ጎደል
ቀረፋ 2½ የሻይ ማንኪያ
ጨው 1¼ የሻይ ማንኪያ

ሁለት ትሪ ስለሆነ ገበያ ስትሄዱ እጥፉን ግዙ። ካሮት ሲላጥና ጫፉ ሲቆረጥ ስለሚቀንስ አንድ ኪሎ ግዙ።

ይህን ሁሉ አስልተን እንኳ ወዲያው ወደ ትልቁ ትሪ አንሄድም። የካርዱ እንቁላል አራት ስለሆነ ካርዱን ለአራት ከፍለን በአንድ እንቁላል መሞከር እንችላለን። 60 ግራም ዱቄት፣ 90 ግራም ስኳር፣ 90 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 80 ግራም ካሮት፣ 50 ግራም እንቁላል፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ የጎደለ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ሩብ ጨው። አፏ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ መጋገሪያ ትበቃዋለች፤ የሊጡ ከፍታ ከትልቁ ጋር እኩል ይሆናል። ትሪው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል፣ ከ25 ደቂቃ ጀምራችሁ ተመልከቱት።

ከዚያ የወጣውን አንብቡ። ከፍ ብሎ መሐሉ የሰመጠ ከሆነ ሶዳው ወይም ስኳሩ ገና ብዙ ነው፤ ወይም ምድጃውን ቀድማችሁ ከፍታችሁታል። መሐሉ አብጦ የተሰነጠቀና የሚፈረፈር ከሆነ ዱቄቱ በዝቷል ወይም ሙቀቱ ከፍ ብሏል። ጠቆር ብሎ ሳሙና ሳሙና ካለ ሶዳ ነው። ሥሩ ዘይት አዝሎ ረጥቦ ከቀረ የዘይቱን መጠን እንደገና አንብቡ። አንድ እንቁላል የሚነግራችሁን ነገር በአሥር እንቁላል ለመማር መሞከር ለሣጥናችን አይበጅም። በአንድ ሙከራም አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሁለት ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ ቃል። መጠኑ ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ ብሎ ሰዓት በሁለት ተኩል አይባዛም። ሰዓቱን የሚወስነው የሊጡ ከፍታ ነው። በትልቁ ትሪ ከ35 ደቂቃ በኋላ መሐሉን በስቴኪኒ ወጉት። ንጹሕ ሆኖ ወይም ጥቂት ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ ደርሷል፣ እርጥብ ሊጥ ከያዘ አምስት ደቂቃ ጨምሩለት። ሁለቱን ትሪ በአንድ ምድጃ ላይና ታች አድርጋችሁ የምትጋግሩ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቦታ አለዋውጧቸው።

በመጨረሻም አቆራረጡ። ክብ ኬክን እንደ ድፎ ዳቦ ከመሐል ወደ ጠርዝ ለሠላሳ ብትቆርጡት ቁራጩ ቀጭን ሆኖ ይሰበራል። ሲቀዘቅዝ አፉ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳህን መሐሉ ላይ ደፍታችሁ በቢላ ዙሩት። ውስጠኛው ክብ የኬኩ ሲሶ ነው፣ አሥር ቦታ ቁረጡት። የውጪውን ቀለበት ሃያ ቦታ ቁረጡት። ሠላሳዎቹ ቁራጮች በስፋት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ቅርጻቸው ይለያያል፣ ግን ማንም እንግዳ ከጎረቤቱ ያነሰ አይደርሰውም። ሁለቱ ትሪዎች ስልሳውን ያዳርሳሉ።

የዚህን ትእዛዝ ወረቀት፣ የካርዱን የፊትና የጀርባ ፎቶ፣ በግራም የተጻፈውንና የሙከራውን ውጤት አንድ ላይ አድርጌ ለጸሐፊያችን አስረክባለሁ። ወደፊት ሌላዋ አባል ለሠላሳ ወይም ለመቶ ሰው ስትታዘዝ በግራም ካለው ትጀምራለች እንጂ ወደ ደበዘዘው ፎቶ አትመለስም። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ።